“ላስወጣልህ?” ላለኝ አከራዬ የጻፍኩት ደብዳቤ

ዛሬ የምጽፈው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና ያላችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ወር ብቻ ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ ደውለው “ቲቸር፣ ለአከራዬ የሚሰጥ የአቤቱታ ደብዳቤ ይጻፉልኝ” አሉኝ። አንዱ ደብረ ብርሃን፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። የሦስቱም ጉዳይ አንድ ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ያለ ጎረቤት እየጮኸ አላስተኛቸውም። የፈለጉትም አንድ ነው፤ ጎረቤቱ ይውጣላቸው። እኔ ግን “ይውጣልኝ” የሚል ደብዳቤ አልጽፍም አልኳቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ በስልክ ማስረዳት ስላቃተኝ፣ በራሴ ላይ የደረሰውን እዚህ ልንገራችሁ።

እዚህ መሐል ሜዳ የምኖረው በአንድ ግቢ ውስጥ በረድፍ ከተሠሩ አራት ክፍሎች በሁለቱ ነው። ከእኔ ጋር የሚኖሩት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናቴ ናቸው። በስተቀኛችን ያለውን ክፍል የተከራየችው ልጅ ያላት ሴት ናት፤ ጠላና አረቄ ትሸጣለች። ክፍሏ ወደ መንገዱም ወደ ግቢውም በር አለው። አመሻሹ ላይ ጂፓሷን ትከፍታለች፣ ሰው ይመጣል፣ ሞቅ ይላል። የእናቴ አልጋ ደግሞ የተጠጋው ከእሷ ጋር በምንጋራው ግድግዳ ላይ ነው። ለምን እዚያ? ብትሉ የመንዝን ብርድ ታውቁታላችሁ። የውጩ ግድግዳ ሌሊት እንደ በረዶ ነው፤ ሽማግሌ ሰው አይተኛበትም። ሞቃቱ ግድግዳ የመሀሉ ነው። ጩኸቱም የሚመጣው በዚያው ነው።

አንድ ሌሊት እናቴ ሦስቴ ሲነሱ አየሁና በንዴት ደብረ ብርሃን ለሚኖረው አከራያችን ደወልኩ። “ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ በየቀኑ እስከ ስድስት ሰዓት እየጮኸች ልትገድለን ነው” አልኩት። ሰውዬው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ “ታዲያ ላስወጣልህ?” አለኝ። በቃ፣ እንደዚህ። “ወሩ ሲያልቅ ትውጣ ካልክ ትወጣለች፤ አንተ የቆየህ ሰው ነህ።”

እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ ደስ አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ሆዴ የተረበሸው። ልጇ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ደግሞ ጠላ መሸጫ የሚሆን፣ ወደ መንገድ በር ያለው ክፍል በአንድ ወር የሚገኝ ነገር አይደለም። እኔ አንድ ስልክ ደውዬ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ሊቆረጥ ነው። መልሼ ደወልኩና “ቆይ ጋሼ፣ ምንም እንዳታደርግ፤ በጽሑፍ እልክልሃለሁ” አልኩት።

ልጽፍ ስቀመጥ ግን ምን ብዬ ልጻፍ? “በየቀኑ ትጮኻለች” ብዬ ነበር። እውነት በየቀኑ ነው? ስለዚህ አንድ ደብተር ወሰድኩና አሥራ አራት ሌሊት መዘገብኩ፤ ቀኑን፣ የጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት፣ የድምፁን ዓይነት። ይህንን ሥራ ለማንም አቤት ባይ እመክራለሁ፤ መጀመሪያ የሚያርመው ራሱን ነውና። ከአሥራ አራቱ ሌሊት ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ድምፅ የነበረው ዘጠኝ ሌሊት ሆኖ ተገኘ። ከዘጠኙ በአራቱ የቀሰቀሰን ሙዚቃው ነው፤ ሁለቱ የገበያ ቀን ነበሩ። በሦስቱ ሙዚቃ የለም፤ እናቴን ያስነሳቸው ጠጪዎች ሲወጡ በሚያላትሙት የግቢው ቆርቆሮ በር ነው። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ የእሷ አይደሉም! ከወዲያኛው ክፍል የሚኖረው ልጅ ባጃጁን በስድስት ሰዓት እያስገባ ነው። እኔ ግን ዘጠኙንም በእሷ ላይ ጭኜ አከራይ ፊት ከስሻታለሁ።

አንድ ሌላ ነገርም አገኘሁ። የሙዚቃው ድምፅ በግድግዳው ብቻ ቢመጣ ኖሮ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ስለጥፍ መጨመር ነበረበት። ጉምጉምታው፣ ያ የከበሮው ምት፣ እውነትም ጨመረ። ዘፈኑና የሰዎቹ ወሬ ግን ግድግዳው ጋ ሳይሆን አልጋው ላይ ቆሜ ወደ ኮርኒሱ ስጠጋ ነው ጥርት ብሎ የሚሰማው። በማግስቱ የኮርኒሱን ጥግ ገልጬ በባትሪ ሳይ፣ የመሀሉ ግድግዳ ኮርኒሱ ድረስ ብቻ ነው የተሠራው። ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ባዶ ነው፤ አራቱም ክፍል ከላይ አንድ ቤት ነው ማለት ነው። ድምፁ በስሱ ኮርኒስ ያልፍና በቆርቆሮው ሥር ተሻግሮ እናቴ ራስ ላይ ይወርዳል። የግንበኛ ጭቃና እንጨት ቆጥቦ የተሠራ ሰርቪስ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ሁሉ ይህንን እዩት። ጎረቤቴ ድምፅ ዝቅ ብታደርግ እንኳ ወሬዋን እሰማለሁ፤ እሷም የእኔን። ይህ የእሷ ጥፋት ሳይሆን የቤቱ ነው። ቤቱ ደግሞ የአከራዩ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉም የሚለው ነገር አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት መልቀቅ የለበትም። የመልካም ጉርብትና ልኩ ምንድን ነው ለሚለው ደግሞ የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ ይታያል ይላል። እኔ ይህ ሐሳብ ደስ ይለኛል፤ ችግሩ ግን የእኛ ልማድ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ቤት ነው። እኔ ያደግኩት ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ በድንጋይ ካብ ቤት ነው። የግድግዳው ውፍረት ክንድ ያልፋል፣ ጎረቤት ደግሞ ማሳ ተሻግሮ ነው። ሠርግ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢዘፈን ማንም አይቀየምም። በአንድ ስስ ግድግዳና በአንድ ቆርቆሮ ሥር ለሚኖሩ፣ አንዱ ሌሊት የሚሠራ፣ አንዱ ሌሊት የሚተኛ ለሆኑ ሰዎች ልማዱ ገና አልተሠራም። እኛው ቁጭ ብለን ልንሠራው ይገባል። በአገር ደረጃ የወጣ የድምፅ ልክም አለ፤ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ደግሞ 45 ዴሲቤል ነው። በስልኬ እናቴ ትራስ ላይ ስለካው ሙዚቃ ባለበት ሌሊት 57 አካባቢ፣ ጸጥ ባለው 35 አካባቢ አሳየኝ። የስልክ መለኪያ ለክስ አይሆንም፤ አንዱን ሌሊት ከሌላው ለማነጻጸር ግን ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የጻፍኩት ደብዳቤ ይኸው፤ ስም ብቻ አውጥቼለታለሁ።

“ለተከበሩ አከራዬ። ባለፈው በስልክ የነገርኩዎት ትክክል ስላልነበረ በመጀመሪያ አርማለሁ፤ ድምፁ በየቀኑ አይደለም። በአሥራ አራት ሌሊት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ከአራት ሰዓት በኋላ ተቀስቅሰናል፤ አራቱ በሙዚቃ፣ ሦስቱ በግቢው በር፣ ሁለቱ በባጃጅ። የመዘገብኩበትን ገጽ ፎቶ አያይዣለሁ። እናቴ በሚጠጉት ግድግዳ በኩል ሌላ ክፍል የለንም፣ አልጋውን ወደ ውጩ ግድግዳ ማዞርም በብርዱ ምክንያት አልቻልንም። ጎረቤቴ ከቤቱ እንድትወጣ አልጠይቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር በእኔ ስም እንዳይነገራት አደራ እላለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው የመሀል ግድግዳ ክፍት ስለሆነ እንዲዘጋና የግቢው በር እንዲስተካከል። ሁለተኛ፣ ሁለታችን የምንስማማባቸው ሽማግሌዎች ባሉበት እንድንነጋገር ሁለታችንንም እንዲጠሩን። ለኪራይ ሲመጡ ቢሆን ይመቸናል።”

መጀመሪያ በስልክ “አንተ” ያልኩትን ሰው በደብዳቤ “እርስዎ” ማለቴን አይታችሁ ትስቁ ይሆናል፤ ወረቀት ላይ እንደዚያ ነው፣ ምን ላድርግ።

ከደብዳቤው ውስጥ ዋናው መስመር “እንድትወጣ አልጠይቅም” የሚለው ነው። አከራይ ተከራይን ማስወጣት በሚችልበት ግቢ ውስጥ “ሽማግሌ ይዳኘን” ብትሉ፣ ያቺ ሴት ሽማግሌው ፊት የምትቀርበው ቤቷን እንዳታጣ ፈርታ ነው። የፈራ ሰው ደግሞ ሁሉንም “እሺ” ይላል። እሺ ያለውን ሳይሆን የቻለውን ነው የሚያደርገው፤ በሁለተኛው ሳምንት ጂፓሱ ይመለሳል። እናንተም “ዕርቅ አፈረሰች” ትላላችሁ። ዕርቅ መቼ ነበረና? ስለዚህ ማስወጣት ከጠረጴዛው ላይ መነሳት ያለበት ከንግግሩ በፊት ነው፤ ሊያነሳው የሚችለው ደግሞ ከሳሹ ራሱ ነው።

አከራዩ ደብዳቤውን አንብቦ ደወለልኝ። “ሽማግሌ ምን ያደርጋል፣ እኔው መጥቼ አስታርቃችኋለሁ” አለኝ። እዚህም ላይ እንቢ አልኩ። አከራይ ይጥራ እንጂ አያስታርቅ ባይ ነኝ። እሱ ከሁለታችንም ኪራይ ይቀበላል፤ የቤቱ ጉድለት ሲነሳም አንዱ ተጠያቂ እሱ ነው። በኋላ እንደሰማሁት ደግሞ ጎረቤቴ ጠላ ስለምትሸጥ ከእኛ ክፍል በወር አምስት መቶ ብር ጨምራ ነው የምትከፍለው። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን ከሞቅታው ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ስለ ሞቅታው ሊፈርድ አይችልም።

በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ ተቀመጥን። አንድ ሽማግሌ እሷ መረጠች፣ አንድ እኔ፣ ሦስተኛውን አከራዩ ጠቁሞ ሁለታችንም ተስማማን። ቦታው የእሷም የእኔም ቤት አልነበረም፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ቤት ነው። አንጋፋው ሽማግሌ ከመረቁ በኋላ “አንዱ ሲናገር ሌላው አፉን ይዝጋ” አሉ። እኔ ደብተሬን ይዤ ጀመርኩ። ስጨርስ ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር፤ ማስረጃ ያለው ሰው አይደለሁ?

ተራው የእሷ ሆነ። “ጋሼ፣ ሁሉንም መዝግበዋል፣ እግዜር ይስጥልኝ” አለች። “ግን ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ስንኖር አንድ ቀን በሬን አንኳኩተው ‘እናቴ አልተኙም’ ብለውኛል? እኔ እማማ መታመማቸውን የሰማሁት ከአከራዩ ነው፤ ደብረ ብርሃን ካለ ሰው! ቢነግሩኝ አጠፋው ነበር።” ቀጥላም “እኔ የምተኛው በሰባት ሰዓት ነው። አንቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስተው በእኔ መስኮት ሥር እንጨት ይፈልጣሉ። ልጄ በዚያ ሰዓት ነው የምታጠናው፣ እኔም በዚያ ሰዓት ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ይሄስ ተመዝግቧል?” አለችኝ።

አልተመዘገበም። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ እኔም ከማፈር ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ከዚያ “እስኪ ወጣ በሉልን” አሉንና ውጪ ቆምን፤ እኔና እሷ አንድ አጥር ተደግፈን፣ ምንም ሳንነጋገር። ሲጠሩን የተጻፈው ነገር ይህ ነበር። ጂፓሱ ከጋራው ግድግዳ ተነስቶ ወደ መንገዱ በኩል ይዞራል፤ መሬት ላይ ሳይሆን ተጣጥፎ በተነጠፈ ጆንያ ላይ ይቀመጣል። በዘወትር ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ በገበያ ቀንና በበዓል ዋዜማ አራት ሰዓት ላይ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚጠጣ ሰው በወሬ ይጠጣል፤ ሲወጣም በመንገዱ በር ይወጣል። እኔ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት እንጨት አልፈልጥም። አከራዩ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን በማገርና በጭቃ ያዘጋል፣ ለግቢው በር መምቻ ጎማ ያስገባል፤ ጭዱን እኛ እናቀርባለን። ባጃጁ የአጥሩ ጥግ ድረስ ሞተሩ ጠፍቶ በግፊ ይገባል፤ ልጁ ተጠርቶ ተስማምቷል። ከሁለታችን አንዳችን ብናፈርስ ሌላው መጀመሪያ የሚነግረው ለራሱ ለጎረቤቱ ነው፣ ቀጥሎ ለሽማግሌዎቹ፤ በመጨረሻ ብቻ ለአከራዩ። ከወር በኋላ እንደገና እንገናኛለን። ወረቀቱ በሦስት ቅጂ ተጻፈ፣ ሁላችንም ፈረምን፣ አከራዩም ጭምር።

የአከራዩን ፊርማ አትርሱ። እሱ ካልፈረመ የቤቱ ጉድለት በእናንተ በሁለታችሁ ትከሻ ላይ ይቀራል። እሷ ድምፅ እየቀነሰች፣ እናንተ እየታገሣችሁ፣ ክፍቱ ግን እንደ ክፍቱ ይኖራል።

አሁን እንዴት ሆነ? ግድግዳው ከተዘጋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ጭቃው እስኪደርቅ ድረስ ልዩነቱ ብዙም አልታወቀንም ነበር። አሁን ወሬው አይሰማም፤ ዘፈኑም ግጥሙ አይለይም። ያ የከበሮ ምት ግን አሁንም ትንሽ ያልፋል፤ ጉምጉምታ ጭቃ አያቆመውም። ስልኬ ትራሱ ላይ 47፣ 48 ያሳያል፤ ከመንግሥት ልክ ገና ትንሽ በላይ ነን። በሁለት የገበያ ቀን ሰዓቱ አልፎ ነበር። አንዱን ጊዜ በሯን አንኳኩቼ “እመቤት፣ አራት ሰዓት አለፈ” አልኳት፤ “ውይ ጋሼ፣ በሞቴ” ብላ ወዲያው አጠፋችው። ሁለተኛውን ጊዜ ሳልነግራት ተውኩት፤ የሰው ልጅ ነኝ፣ ሰነፍኩ።

ለሦስታችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ አንድ ነገር ልለይላችሁ። ከመካከላችሁ አንዷ የነገረችኝ ጉዳይ የድምፅ አይደለም። ሰክሮ በሯን የሚደበድብና የሚዝት ጎረቤት ነው። ለእንደዚህ ያለ ሰው ሽማግሌ አትፈልጊ፣ አከራይም “ተቀራርባችሁ ተነጋገሩ” ቢልሽ እሺ አትበዪ። ያ የፖሊስ ጉዳይ ነው፣ ዛሬውኑ። ዕርቅ የሚሆነው ሁለቱም ሰዎች ያለ ፍርሃት አንድ ቤት ውስጥ መቀመጥ ሲችሉ ነው። ሌሎቻችሁ ሁለቱ ግን ደብተር ግዙ፣ አሥራ አራት ሌሊት መዝግቡ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በሩን አንኳኩ። እኔ ሁለት ዓመት ያላደረግኩትን እናንተ ዛሬ ማታ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ደብዳቤውን ከላይ አለላችሁ፣ የራሳችሁን ቀንና ሰዓት አስገቡበት።

የጎረቤቴ ልጅ አሁን ማታ ማታ እኛ ቤት መጥታ ታጠናለች። እናቴ “ቤቱ ጸጥ ሲል እንቅልፍ እንቢ አለኝ” ማለት ጀምረዋል፤ እሱን ደግሞ ለማን አቤት እንደምል አላውቅም። የበሩን ጎማ አከራያችን እስካሁን አላስገባም፤ የወሩ ቀጠሯችን ቅዳሜ ነው፣ ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ።